ለገሃር አውቶቡስ መነሻ፦ ከእግረኛ መንገድ እስከ በሩ እጀታ፣ ለፕሮፖዛሉ ሀሳብ እናዋጣ

ሰብሳቢ፦
ሰላም የማህበራችን ሰዎች። ፕሮፖዛሉ በጣም ሰፍቶብን ስለነበር ስለ መናኸሪያ በጠቅላላው ከምንጽፍ አንድ መንገድ ብቻ እንያዝ፣ አንድ ዓይነ ስውር ተሳፋሪ ብቻውን ለገሃር ከእግረኛው መንገድ ተነስቶ የሚፈልገውን አውቶቡስ የበር እጀታ እስኪጨብጥ ድረስ ያለውን። የት ላይ ነው የሚጠፋበት? እሱን ጻፉልኝ፣ ረቂቁን እኔ አሰባስባለሁ።

በትር ያዥ፦
እኔ ልጀምር፣ የነጭ በትር አያያዝ ስለማስተምር ከተማሪዎቼ ጋር በዚህ መንገድ እንሄዳለን። እግረኛው መንገድ ላይ እስካለህ ድረስ ግንቡን ወይ አጥሩን በበትሩ ጫፍ እየነካህ ትከተለዋለህ፣ ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ አጥሩ አልቆ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት ሜዳ ሲጀምር ነው። እዛ በትሩ የሚይዘው ጠርዝ የለም፣ ሞተር ደግሞ በቀኝም በግራም ያጉረመርማል ስለዚህ ድምፁን ይዘህ አቅጣጫ ማውጣት አትችልም። ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው እያልክ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን ትወጣለህ፣ ይሄ የሚያይ ሰውም ዓይኑን ቢጨፍን የሚደርስበት ነው። ተማሪ እዚህ እንደጠፋ የማውቀው በትሩ አስፋልት መምታቱን ትቶ የአውቶቡስ ጎማ ሲመታ ነው፣ ያ ደግሞ ዘግይቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ሜዳውን የሚያቋርጥ በእግርና በበትር የሚታወቅ መስመር ይሁን።

የፒያሳ ልጅ፦
ያቺ ጉብ ጉብ ያለችው ቢጫ ታይል አይደለች? ሜዳውን ሙሉ በሷ እናልብሰው በቃ፣ የትም ቢረግጥ ያገኛታል

በትር ያዥ፦
ወንድሜ ታይሏ ልክ ነህ፣ ሁሉም ቦታ ከተነጠፈች ግን ምንም አትነግርህም። ሁለት ዓይነት ናት እኮ። ረዣዥም መስመር ያላት በዚህ ሂድ ትላለች፣ ክብ ክብ ጉብታ ያላት ደግሞ ቁም፣ ፊትህ አንድ ነገር አለ ትላለች። በ1967 እ.ኤ.አ. ጃፓን ኦካያማ ከተማ ውስጥ መጀመሪያ የተነጠፈችውም መንገድ ማቋረጫ ላይ ነው፣ ለማስጠንቀቂያ። ጉብታው ከፍታው 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን በጫማም በበትርም ይታወቃል። ስፋቱ ላይ ግን አንደራደር፣ አውቶቡስ በሚቆምበት ጠርዝ ላይ ወደፊት ቢያንስ 60 ሴንቲ ካልሆነ ሰው በአንድ እርምጃ ተሻግሮት አስፋልቱ ላይ ይወርዳል። መስመሯ ሜዳውን ታቋርጥ፣ ጉብታዋ ጠርዙ ላይ ብቻ ትሁን።

እናት ከካዛንቺስ፦
እኔ እንኳን ለማየት የተሳናቸው ሰዎች የአውቶቡስ ነፃ መታወቂያ ጉዳይ መስሎኝ ነበር የገባሁት፣ እናቴ ግላኮማ አለባቸው፣ የት ነው የሚወጣው?

ሰብሳቢ፦
እትዬ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በውስጥ መስመር እነግርዎታለሁ። ግን የእናትዎን ነገር እዚሁ ይጻፉልን፣ ጨርሶ የማያዩትን ብቻ እያሰብን ነው።

እናት ከካዛንቺስ፦
እሺ። እናቴ ፊት ለፊት ያለውን ጥቂት ያያሉ፣ ጎንና ጎኑ ግን የለም፣ በትርም አይዙም ስለዚህ ሰው የሚያዩ ይመስለዋል፣ ሲገጫቸው ይቆጣቸዋል። ግራጫ ታይል ግራጫ ወለል ላይ ቢነጠፍ ለሳቸው ምንም አይደለም፣ ቢጫው በጥቁር አስፋልት ላይ ሲሆን ግን ከሩቅ ያውቁታል። ደረጃም እንደዛው ነው፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ቀለም ከሌለው ሁሉም አንድ ወለል ነው የሚመስላቸው በተለይ ፀሐይ ከበረታ። ቀለሙ ይጻፍልኝ።

ወያላ የነበርኩ፦
ሁላችሁም መሬቱን ነው ያያችሁት፣ እኔ ስለ ድምፅ ልናገር። ሚኒባስ ላይ ስሰራ ዓይነ ስውር ተሳፋሪ አይቸገርም ነበር፣ ምክንያቱም ሜክሲኮ ሜክሲኮ፣ ሳሪስ ሳሪስ እያልን ስለምንጮህ ጥሪውን ተከትሎ መጥቶ በሩ ላይ ይደርሳል፣ ሳናስበው መድረሻውንም አቅጣጫውንም በድምፅ እየሰጠነው ነው። ትልቁ አውቶቡስ ግን ቁጥሩን ግንባሩ ላይ ለጥፎ ዝም ብሎ ይመጣል። ሰልፈኛ ካለ ስንት ቁጥር ነው ብለህ ትጠይቃለህ፣ ሰልፉ ገብቶ ካለቀ ግን ማንን? ስለዚህ በሩ ሲከፈት ትኬት ቆራጩ ቁጥሩንና መድረሻውን ሁለት ጊዜ ይጥራ፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

የፒያሳ ልጅ፦
ሰው ይደክመዋል፣ ሞንታርቦ እንስቀል ቀኑን ሙሉ ይናገር

በትር ያዥ፦
ሞንታርቦ ቀኑን ሙሉ ከጮኸ የሚመጣውን አውቶቡስ ይሸፍንብናል፣ እኛ ደግሞ ከመኪና የምንጠበቀው በጆሯችን ነው። ድምፁ ከበሩ ይምጣ፣ የት እንደሚገባ ራሱ ይነግራል። የወያላውን ሀሳብ እደግፋለሁ፣ ግን ክረምትን አትርሱ። ዝናብ የመጠለያውን ቆርቆሮ ሲደበድብ አጠገብህ ያለ ሰው እንኳ አይሰማህም፣ የውሃው ድምፅም ርቀት ያጠፋል። ያን ጊዜ የሚያድነው ቦታው የማይቀያየር መሆኑ ነው፣ መስመሯ አንድ ብረት ምሰሶ ጋ ትለቅ፣ ምሰሶው ላይ የብሬል ቁጥር ይኑር፣ አውቶቡሱም የፊት በሩን ሁሌ እዛው ምሰሶ ትይዩ ያቁም። አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ከቆመ መስመሯ ወደ ባዶ ቦታ ነው የምትመራው።

ወያላ የነበርኩ፦
ሁለት አውቶቡስ ተከታትሎ ከገባስ? የኋለኛው ምሰሶው ጋ አይደርስም፣ ሾፌር ደግሞ ሰው ጭኖ አይጠብቅም። እዚህ ላይ መልስ የለኝም።

ተራ አስከባሪ፦
እኛም እኮ እንረዳለን፣ ክንድ ይዘን እናሻግራለን። ሰዎቹ ግን አንዳንዴ ይቆጡናል፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም

በትር ያዥ፦
ጋሼ ስለጠየቁ ደስ ይለኛል። ክንዱን እርስዎ ሲይዙት እየገፉት ነው የሚሄዱት፣ ፊቱ ያለውን መጀመሪያ የሚያገኘው እሱ ነው። በትሩን ይዞ መሳብ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። መጀመሪያ ልርዳህ ብለው ይጠይቁት፣ እሺ ካለ የእጅዎን ጀርባ ከእጁ ጀርባ ያስነኩት፣ ከክርንዎ ከፍ ብሎ ራሱ ይይዝዎታል። ግማሽ እርምጃ ከኋላ ይከተላል፣ እርስዎ ሲወርዱ ሲወጡ በክንድዎ ያውቀዋል። ጠባብ ቦታ ሲመጣ ክንድዎን ወደ ጀርባዎ ያዙሩት፣ ከኋላዎ ይሰለፋል። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ውስጥ አይጫኑት፣ የበሩን እጀታ እርስዎ ይያዙና ዝም ይበሉ፣ በክንድዎ ላይ እጁን እያንሸራተተ እጀታውን ያገኛል፣ ከዚያ ራሱ ይወጣል።

ተራ አስከባሪ፦
ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ለሌሎቹ ልጆችም ቦታው ላይ መጥታችሁ አሳዩን፣ በወረቀት አይሆንም።

የፒያሳ ልጅ፦
እሺ ታይሉ ተነጠፈ እንበል፣ ጉልት የሚሸጡትና ሊስትሮዎቹ መስመሩ ላይ ቢቀመጡስ? ለጥ ያለ ቦታ ነው ብለው ይወዱታል። ይነሱ ብለን እንጻፍ

እናት ከካዛንቺስ፦
አይ ልጄ እንዲህ አትበል፣ እናቴን ወደ ግራ እማማ፣ ጉድጓድ አለ የሚሏት እነሱው ናቸው። ይነሱ ሳይሆን ከመስመሩ ፈንጠር ይበሉ እንበል።

በትር ያዥ፦
በትር ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ትከሻህን ያህል ቦታ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከመስመሩ በሁለቱም በኩል ባዶ ቦታ መተው አለበት። ማን ያስከብረዋል የሚለው ግን ከባድ ነው፣ ዛሬ ከለቀቁ ነገ ይመለሳሉ።

ሰብሳቢ፦
እስካሁን ረቂቁ ላይ የገባው ይሄ ነው፦ ሜዳውን አቋርጣ ምሰሶው ጋ የምትደርስ ባለመስመር ታይል፣ ጠርዙ ላይ 60 ሴንቲ ጉብታ፣ ቀለሙ ቢጫ፣ ምሰሶው ላይ የብሬል ቁጥር፣ የፊት በር ሁሌ ምሰሶው ትይዩ፣ በር ሲከፈት ሁለት ጊዜ ጥሪ፣ ለተራ አስከባሪዎች ቦታው ላይ የሚሰጥ ስልጠና። ለመጀመሪያው ሙከራ አንድ መስመር ብቻ እንጠይቅ። ሁለተኛው አውቶቡስና ጉልቱ ክፍት ሆነው ይቆዩ፣ ሁለቱንም በጥያቄ መልክ ነው የማስገባቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሜትር ይዤ እዛው እገኛለሁ፣ በትር ያዥ ሁለት ተማሪ ይዘህ ና፣ ከአጥሩ መጨረሻ እስከሚቆሙበት ቦታ አብረን እንለካዋለን፣ ወያላችን ደግሞ አውቶቡሶቹ የት የት እንደሚቆሙ ጠመኔ ይዞ መሬቱ ላይ ምልክት ያድርግልን።

ወያላ የነበርኩ፦
እመጣለሁ፣ ግን ከ1 ሰዓት በፊት ይሁን፣ ሰልፉ ሳይሞላ።