መብራት የለም፣ ካልኩሌተር የለም፣ የ43 ተማሪ ውጤት ግን አለ

የዓባይ ማዶ መምህርት
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዓባይ ማዶ መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓት አለፈው። ላፕቶፑ ጠፍቷል፣ የካልኩሌተሬም ባትሪ አልቋል፣ ስልኬ 14 ፐርሰንት ላይ ነው። ነገ ጠዋት 2:30 የ43 ተማሪ ውጤት ከመቶ ሠርቼ በወረቀት ማስረከብ አለብኝ። ኩዊዝ 10 ፐርሰንት፣ ሚድ 20፣ አሳይመንት 20፣ ፋይናል 50 ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያዋ ልጅ ኩዊዝ 18፣ ሚድ 20፣ አሳይመንት 15፣ ፋይናል 54 አላት። በእጅ ቶሎ የሚሠራበት መንገድ አለ?

ሽምብጥ ነኝ
ጢስ ዓባይ አፍንጫችን ሥር እያለ እኛ በሻማ! እዚህም ጠፍቷል፣ ብቻሽን አይደለሽም።

ቆቁ
ስልክሽ ላይ ካልኩሌተር አለ እኮ። ይህን ሁሉ ከምትጽፊ አምስት ተማሪ በጨረስሽ ነበር።

የዓባይ ማዶ መምህርት
አውቃለሁ። ግን 43 ተማሪ ድረስ ስነካካ ስልኩ ይሞትብኛል። ነገ የሚቀሰቅሰኝም እሱ ነው።

ባጃጅ በሌሊት
ልጅቷ ኩዊዝ ከ10 18 አመጣች? ይህችንማ ዛሬውኑ አስመርቂያት።

የዓባይ ማዶ መምህርት
ውይ ይቅርታ፣ አልጻፍኩትም ለካ። ኩዊዙ የታረመው ከ20 ነው። ሚድ ከ40፣ አሳይመንት ከ25፣ ፋይናል ከ60።

ፔዳ የተማረ
ታዲያ ቀላል ነው። ሁሉንም ደምሪው፣ 107 ይመጣል። የሁሉም ሙሉ ማርክ 145 ነው። 107ን ለ145 አካፍለሽ በ100 ስታበዢው 74 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ቢ ስጫትና ወደሚቀጥለው እለፊ።

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር
ልጄ፣ እንደዚያ እንዳታደርጊ። በኛ ጊዜ ካልኩሌተር የሚባል ነገር ከየት ይመጣል፣ የአራት ክፍል ውጤት በእርሳስ እንሠራ ነበር። ለዚህም ነው ስሕተቱ የት እንደሚገባ የማውቀው። ሁሉን ስትደምሪው ፋይናሉ ከ145 ውስጥ 60 ይይዛል፤ ይህ 41 ፐርሰንት ግድም ነው። አንቺ ግን 50 ይሁን ብለሻል። ሚዱ ደግሞ 20 መሆን ሲገባው ወደ 28 ይጠጋል። ልጅቷ ሚድ ላይ ግማሽ ብቻ አግኝታ ፋይናል ላይ በርትታለች፣ ስለዚህ ድምሩ የሚጎዳው እሷን ነው።

እንዲህ አድርጊው። ኩዊዝ ከ20 ወደ 10 ነው፣ በቃ ግማሹ፣ 9። ሚድም ከ40 ወደ 20 ነውና ግማሹ፣ 10። አሳይመንት ከ25 ወደ 20 ስለሆነ ሦስት ጊዜ እጥፍ አድርጊና ነጥቡን አንድ ቤት ወደ ግራ መልሺው። 15፣ 30፣ 60፣ 120፤ ስለዚህ 12። ፋይናል ከ60 ወደ 50 ሲሄድ ስድስተኛውን እጅ መቀነስ ነው። የ54 ስድስተኛ እጅ 9 ነው፣ 45 ይቀራል። 9 እና 10 እና 12 እና 45፣ 76 ይሆናል።

የዓባይ ማዶ መምህርት
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እኛ ጋ ቢ ፕላስ ከ75 ይጀምራል። በድምሩ ብሄድ ኖሮ ልጅቷን ቢ ላይ አስቀርቻት ነበር።

ፔዳ የተማረ
እሺ፣ ተረትቻለሁ። ግን ሁሉም የታረመው በክብደቱ ልክ ቢሆን፣ ማለት ኩዊዙ ከ10፣ ሚዱ ከ20 እያለ ቢሄድ፣ የኔም ይሠራ ነበር።

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር
ያኔ አዎ። ያኔማ ማካፈሉም አያስፈልግም፣ መደመር ብቻ ነው።

ጣና ዳር
እያንዳንዱን ለሙሉ ማርኩ አካፍለሽ በፐርሰንቱ አባዢ፣ ከዚያ ደምሪ። ማለት 54 ለ60፣ ሲባዛ በ50። ሌላ መንገድ የለውም።

ባጃጅ በሌሊት
ጋሼ አሁን ያሉትን ነው እኮ ያልከው፣ ረዘም አድርገህ።

የዓባይ ማዶ መምህርት
ጋሼ፣ ፋይናሉ ብቻ አስቸገረኝ። 47 ላይ ስድስተኛ እጁን ሳወጣ ተቀላቀለብኝ። ስልኬ 9 ሆኗል።

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር
አንድ ጊዜ ሰንጠረዥ ሥሪና ከዚያ እያየሽ ሙይ። በየ6 ማርኩ 5 ነጥብ ነው የምትሰጪው።

| ከ60 | ወደ 50 | ትርፍ | ነጥቡ |
|---|---|---|---|
| 24 | 20 | 1 | 0.83 |
| 30 | 25 | 2 | 1.67 |
| 36 | 30 | 3 | 2.50 |
| 42 | 35 | 4 | 3.33 |
| 48 | 40 | 5 | 4.17 |
| 54 | 45 | | |

47 ማለት 42 እና 5 ነው። 35 እና 4.17፣ 39.17። ከ24 በታች ያለውንም በዚሁ ቀጥዪው፣ 18 ላይ 15፣ 12 ላይ 10።

ደግሞ ተማሪ በተማሪ አትሂጂ። መጀመሪያ የ43ቱንም ኩዊዝ ጨርሺ፣ ከዚያ ሚድ፣ እያልሽ ወደ ታች ውረጂ። እጅሽ አንድ ዓይነት ሥራ ሲለምድ አይስትም። ስትጨርሺ የኩዊዙን ዓምድ በሙሉ ደምሪው። የተቀየረው ድምር የዋናው ድምር ግማሽ ካልሆነ አንድ ቦታ ስተሻል። ሚዱም እንደዚሁ።

ሽምብጥ ነኝ
እኔ ብሆን እያንዳንዱን ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋጋዋለሁ። በሻማ ብርሃን ማን ነጥብ ይቆጥራል።

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር
ይህን ነው የምፈራው። ኩዊዝ 13፣ ሚድ 27፣ አሳይመንት 21፣ ፋይናል 39 ያለው ልጅ አለ እንበል። 6.5፣ 13.5፣ 16.8፣ 32.5፤ ድምሩ 69.3 ነው። በየመንገዱ ካጠጋጋሽው ግን 7፣ 14፣ 17፣ 33፣ 71 ይሆናል። ከሌለበት ቢ አገኘ ማለት ነው። ማጠጋጋቱ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ነው።

ቆቁ
ልጁ ግን አይከስሽም።

ሁለተኛ ዓመት
ይቅርታ እዚሁ ልጠይቅ፣ ጂፒኤዬም በዚህ ይሠራል? ሁለት ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስና አንድ ባለ አምስት አለኝ፣ ባለ አምስቱ ላይ ሲ ነው ያመጣሁት።

ባጃጅ በሌሊት
ወንድሜ፣ መብራት የጠፋው እሷ ጋ ነው፣ ተራህን ጠብቅ።

የዓባይ ማዶ መምህርት
11 ተማሪ ጨረስኩ! አንድ ግን ታሞ ኩዊዝ ያልተፈተነ ልጅ አለ። ከቀሩት ከ90 68 አለው። 68 ብዬ ልተወው?

ጣና ዳር
ዜሮ ነው፣ አልተፈተነም።

ፔዳ የተማረ
የሐኪም ወረቀት ካመጣ ዜሮ መስጠት ግፍ ነው። 68ን ለ90 አካፍለሽ በ100 አባዢ፣ 75.6 ገደማ ይመጣል። ቢ ፕላስ ገባ።

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር
ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ያልወሰደውን ኩዊዝ እንደ ሌላው ውጤቱ ቆጥረሽለታል ማለት ነው፣ ያን የሚፈቅደው ደግሞ ሒሳብ አይደለም። የእሱን ረድፍ በእርሳስ ክፍት ተዪውና ጠዋት ኃላፊሽን ጠይቂ።

ጣና ዳር
እኔ አሁንም ዜሮ ነው የምለው።

የዓባይ ማዶ መምህርት
4 ፐርሰንት። ሻማውም እያለቀ ነው። ጋሼ ውለታዎን

ሽምብጥ ነኝ
ስልኳ ሞተ መሰለኝ።

ሽምብጥ ነኝ
እኛ ጋ መብራት መጣ። ዓባይ ማዶስ?

ሁለተኛ ዓመት
የኔ ጂፒኤስ?