ሙጀሌዋ ፈንድታ ቅሪቷ ጥፍር ሥር ቀረ፣ ምን ይሻላል?

ሰላም እንዴት ናችሁ? የምንኖረው ፒያሳ ነው። የ9 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ክረምቱን ወላይታ አያቱ ዘንድ ከርሞ ሲመለስ እግሩን ያሳክከዋል። ሳየው ሙጀሌ ነው፦ ነጣ ያለ ክብ እብጠት፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ። ቁንጫዋ የምትተነፍሰውም እንቁላል የምትጥለውም በዚያች ነጥብ በኩል ነው።

ውስጥ እግሩ ላይ ያለችው አላስቸገረችኝም። እግሩን በሳሙና አጥቤ፣ ከፋርማሲ በገዛሁት አዲስ መርፌ በነጥቧ ዙሪያ ያለውን ቆዳ ቀስ እያልኩ አሰፋሁና ከነከረጢቷ ሙሉዋን ወጣች። ጉድጓዱን አዮዲን ቀባሁት። እናቴ ግን እስካሁን "በእሾህ ነበር" እያለች ነው።

የቸገረችኝ የአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ያለችው ናት። ልጁ ሲወራጭ ፈነዳች፤ ነጭ ፈሳሽና እንቁላል ወጣ፣ ጥቁሩ ቅሪት ግን ውስጥ ቀረ። አሁን ዙሪያው ቀልቶ ያተኩሳል፣ መግል ግን አልያዘም። ቅሪቱ ውስጥ ከቆየ እንደሚያመረቅዝ አውቃለሁ፤ ጥፍር ሥር መቆፈሩን ደግሞ ፈራሁ።

ጤና ጣቢያ አደንዝዘው ያወጡለታል? የቴታነስ ክትባት የወሰደው በሕፃንነቱ ብቻ ነው፣ አሁን መድገም አለበት? የጤና ባለሙያ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ።