የአማርኛና እንግሊዝኛ ሥዕላዊ የልጆች መጽሐፍ፦ ሁለቱ ጽሑፎች አልገጥም አሉኝ

ጥያቄ (የአራት ዓመት ልጅ እናት፣ ሜሪላንድ)
ለሴት ልጄ ባለ 14 ገጽ ሥዕላዊ መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው። አንዲት ልጅ የጠፋችባትን ዶሮ ስትፈልግ መሶብ ከፍታ እንቁላል ታገኛለች። እንግሊዝኛውን ጽፌ ወደ አማርኛ መለስኩት። በእንግሊዝኛው ገጽ 4 ላይ «አገኘች» የሚለው ግሥ ቀድሞ፣ «እንቁላል» የሚለው ገጽ 5 ላይ ከሥዕሉ ጋር ይመጣል። በአማርኛው ግን «እንቁላል አገኘች» ስል ምሥጢሩ ቀድሞ ይወጣብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ 1 (ሰላም)
እህቴ፣ የሁለቱ ቋንቋዎች የቃላት ቁጥር እኩል መሆን አለበት። በእያንዳንዱ ገጽ አምስት በአምስት አድርጊው፣ ያኔ ይገጥማል። ከፊደሉ ሥር ደግሞ ንባቡን በላቲን ፊደል ጻፊበት።

መልስ 2 (የልጆች መጻሕፍት አርታኢ)
ገጹ አጭር ይሁን ማለት ትክክል ነው፤ ቁጥሩን ማስተካከል ግን አያዋጣም። «አላገኘኋትም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አምስት ይሆናል። ፊደል ለሚቆጥር ልጅ ግን ያ አንድ ቃል ሰባት ፊደል ያለው ዳገት ነው፣ ከመካከሉም «ኋ» ተቀምጧል። እኔ ብሆን «ዶሮዋ እዚህ የለችም» እላለሁ፤ ይኸው ዓረፍተ ነገር ልጅቷ በፈለገችበት ቦታ ሁሉ ይደጋገም። በሦስተኛው ገጽ ላይ ልጁ ራሱ ቀድሞ ይለዋል።

ችግሩ ያለው ግሡ ላይ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ የተገኘው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከማግኘቱ በፊት ይነገራል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ይገልብጡት፦ «ከመሶቡ ውስጥ ያገኘችው...» ብለው ያቁሙ፣ ገጹ ሲገለጥ «እንቁላል ነው!» ይበሉ። አንባቢው «ያገኘችው» ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይንጠለጠላል፣ ልጁም ገጹን ለመግለጥ እጁን ይሰዳል። ከዚያ እንግሊዝኛውን በዚህ ልክ ያስተካክሉት። ሁለቱንም ከሥዕሉ ነው መጻፍ ያለብዎ፤ አንዱን ከሌላው አይመልሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንባቢውን «ዶሮዋ የት ያለች ይመስልሃል?» ብለው ከጠየቁ ሴት ልጅዎ ለወንድ የተጻፈ ነው ትላለች። እንግሊዝኛው ይህን አይለይም። «ልጆች፣ የት ያለች ይመስላችኋል?» ብለው ያልፉታል።

መልስ 3 (አባት፣ ከእስራኤል)
እኔ ጋር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ከአማርኛ ጎን የጻፍኩት ዕብራይስጥ ነው፤ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ መጽሐፉ ከሌላው ጎን ይከፈታል። ሥዕሉ ላይ ያለው ልጅ ወደ ቀኝ እየሮጠ ሳለ የመጽሐፉ ጉዞ ወደ ግራ ነው፤ ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስል ነበር። ሥዕሎቹን አገላብጬ አሳተምኩ፤ ልጁ ግራኝ ሆነ! እርስዎ በየትኛው ጎን ነው የሚከፍቱት?

መልስ 4 (ማተሚያ ቤት የምሠራ)
የእህታችን መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ ይህ አይነካትም። ሌላ ችግር ግን አይቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ በቀኝ በኩል ነው የሚውለው፤ ስለዚህ ገጽ 4 እና 5 ፊት ለፊት የተቀመጡ ገጾች ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ ምንም ያህል ቢስተካከል፣ ልጅቷ ግራውን ሲያነቡላት ዓይኗ ቀኙ ላይ ያለውን እንቁላል አይቶታል። «ያገኘችው...» ገጽ 5 ላይ ይሁን፣ እንቁላሉ ገጽ 6 ላይ። ጥያቄው ጎዶሎ ቁጥር ባለው ገጽ፣ መልሱ ጥንድ ቁጥር ባለው ገጽ ማለት ነው።

በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ደግሞ አንድ የታጠፈ ወረቀት አራት ገጽ ስለሚሰጥ፣ 14 ገጽ አይወጣም፤ 16 ያድርጉት። የአማርኛውን ፊደል ከእንግሊዝኛው ተለቅ አድርጉት፤ «ለ» እና «ሊ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው፣ ሲያንስ ለልጅ አንድ ይሆናል። ፋይሉን ወደ ማተሚያ ቤት ስትልኩ የፊደሉ ቅርጽ ፋይሉ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ባዶ ሳጥን ታትሞ ይመጣል።

ጠያቂዋ
እናንተ ባትነግሩኝ ኖሮ እንቁላሉን ፊት ለፊት አስቀምጬ ላሳትመው ነበር! ሁለቱን ትርፍ ገጾች ለአልጋ ሥርና ለጓሮ አደርጋቸዋለሁ። ስለ ላቲን ፊደሉስ? ባለቤቴ አማርኛ ማንበብ አይችልም።

አርታኢው
ላቲኑ ከአማርኛው ፊደል ሥር ካለ ልጅቷ እሱን አንብባ የአማርኛውን ትዘለዋለች። ደግሞ በተለምዶ የሚጻፈው ላቲን «ጠ»ን ከ«ተ» አይለይላቸውም። እኔ የመጨረሻው ገጽ ላይ ለአባቷ ብቻ አስቀምጠው ነበር።

ሰላም
አባትየው በየገጹ ወደ መጨረሻው እየገለጠ እንዴት ያነብላታል? እኔ አሁንም ከሥር ይሁን ባይ ነኝ።