ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን የማስታወሻ ቦታ ያለው ወረቀት ለማዘጋጀት እርዱኝ

የባልደረባዬን የብርሃን አስተፃምሮ ስላይዶች ለተማሪ ወደሚታደል ጽሑፍ እየለወጥኩ ነው። ፓወርፖይንት 3 Slides በሚለው አማራጭ ሲያትም መስመር የሚሰጠው ከስላይዱ ጎን እንጂ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን አይደለም። ስለዚህ ነጥቦቹን ከ Outline View ቀድቼ ወርድ ላይ ባለሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ግራው ለነጥቡ፣ ቀኙ ለማስታወሻ። በጽሑፍ ሳጥን የገቡት የሥዕል መግለጫዎች እዚያ ስለማይታዩ በእጄ ጻፍኳቸው። ረድፎቹ በሁለት ገጽ እንዳይከፈሉም Allow row to break across pages የሚለውን አጠፋሁ።

የቸገረኝ ይዘቱ ነው። አንዱ ነጥብ «ብርሃን፣ ክሎሮፊል፣ ስኳር» ብቻ ይላል፤ ቀሪውን መምህሯ በቃል ታስረዳዋለች። እንዳለ ብተወው ተማሪው ቤቱ ሲያነበው ምንም አይገባውም። «ክሎሮፊል የብርሃንን ኃይል ይቀበላል፤ ተክሉም በዚያ ኃይል ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራል» ብዬ ብዘረዝረው ደግሞ እሱ የሚጽፈው ምን ይቀራል? ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ግራው ላይ አስፍሬ ቀኙ ላይ «ኦክስጅኑስ ከየት ይወጣል?» የሚል ጥያቄ ላስቀድም አስቤያለሁ፤ ሆኖም ተማሪዎቹ ጥያቄውን ብቻ መልሰው ሌላውን ማብራሪያ እንዳይተዉት እሰጋለሁ። እንዲህ ባለ ወረቀት ያስተማራችሁ፣ ከነጥቡ ምን ያህሉን ጽፋችሁ ምን ያህሉን ለተማሪው ትተዋላችሁ?