የእህቴ ልጅ «ተኛ» ስለው ያለቅሳል፤ ምን ብዬ ላስተኛው?

አጎት
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እህቴ ልትወልድ ሆስፒታል ገብታለች፤ ስልኳ ዝግ ነው። ልጇ እኔ ዘንድ ነው። ከምሳ በኋላ መተኛት ነበረበት፤ ዓይኑን እያሸ ያለቅሳል እንጂ አይተኛም። «ማሙሽ፣ ተኛ» ስለው ይብስበታል። ሌላም ችግር አለ፤ እህቴ እንደ ሴት ልጅ ስለምታናግረው እኔንም «ነይ»፣ «ቁጭ በይ» ይለኛል። እሱን እያረምኩት ነው። እንዴት ላስተኛው?

የመንታ እናት
ዕድሜው ስንት ነው? ትኩሳት አለው? በልቷል? ይህን ሳትነግረን ምን ብለን እንመልስልህ?

ባለ ጋቢው
እሹሩሩ በለው። ጀርባውን ቀስ ብለህ መታ መታ እያደረግህ። አለቀ።

አጎት
ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው። ትኩሳት የለውም፣ በልቷል፣ ጠጥቷል። እንቅልፉ እንደመጣ ያስታውቃል፤ ግን ትራስ ላይ ሳስተኛው ብድግ ይላል።

ሥርዓት ይከበር
ወንድሜ፣ እርማቱን እንዳታቋርጥ። ወንድ ልጅን በሴት አንቀጽ ማናገር ቋንቋውን ያበላሽበታል። ነገ ትምህርት ቤት ሲገባ ጓደኞቹን «አንቺ» እያለ መሳቂያ ይሆናል። ልጅ የሚማረው ከሚሰማው ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ትክክለኛውን ማሰማት አለብን። እናቶች በፍቅር ስም ያደረጉትን አባቶችና አጎቶች ማቃናት ይኖርባቸዋል። ቁልምጫ ሌላ፣ ሰዋስው ሌላ።

ዘንባባ
እኛ ስናድግ «አያ ጅቦ መጣልህ» ሲሉን ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን ድምፃችንን እናጠፋ ነበር። ሞክረው፣ ይሠራል።

ጡረተኛዋ መምህር
አያ ጅቦን ተዉት፤ ልጁ ዝም ይላል እንጂ አይተኛም። ዓይኑን አፍጥጦ በሩን ሲጠብቅ ይውላል፤ በዚያ ላይ እናቱ የለችም።

ልጄ፣ እርማቱንም ለዛሬ ተወው። ልጁ «ነይ» የሚልህ የሚያውቀው የጥሪ ቃል ያ ስለሆነ ነው። ከእናቱ አፍ የሰማውን ነው መልሶ የሚሰጥህ። እንግዲህ ከዚሁ ተነስተህ እናቱ ስታስተኛው ምን እንደምትለው መገመት ትችላለህ፤ «ተኚ እናቴ፣ ጋደም በይ» ሳትለው አትቀርም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። በብዙ ቤት እናት ልጇን ስታቆላምጥ «ነይ» ትለዋለች፣ ስትቆጣው ግን ወደ «ና!» ትመለሳለች። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ «ተኛ» ሲባል የሚሰማው ቁጣ ነው። አንተ በለሰለሰ ድምፅ ብትለውም ለእሱ ጥፋት ያጠፋ ያህል ነው።

አሁን «ተኛ» በማለት ፋንታ «እንተኛ» በለው። ትእዛዙ ከእሱ ላይ ይነሳና የሁለታችሁ ጉዳይ ይሆናል፤ «ተኛ» ወይስ «ተኚ» ብለህ መምረጥም አይኖርብህም። አንተም አጠገቡ ጋደም በል። «ዓይንህን ጨፍን» ሳይሆን «ዓይናችንን ጨፈን እናድርግ»፣ «ራስህን አስደግፍ» ሳይሆን «ደገፍ እንበል» በለው። እነዚህ ቃላት የሚጠይቁት ጥቂቱን ብቻ ነው። «ተኛ» የተባለ ልጅ ጨዋታው እንዳለቀበት ይገባዋል፤ «ጋደም እንበል» የተባለው ግን እንደገና የሚነሳ ይመስለዋልና አይታገልም።

ጋደም ካለልህ በኋላ አንድ ሐረግ ምረጥና እሱኑ ደጋግም፤ «እሹሩሩ ማሙሽዬ፣ እሹሩሩ የኔ ጌታ» ይበቃል። አዲስ ቃል ባመጣህ ቁጥር ልጁ ለማዳመጥ ይነቃል። በየዙሩ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ልቅሶው ወደ ማጉረምረም ከወረደ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ዝም አትበል፣ አትፍጠንም።

ባለ ጋቢው
እሹሩሩ ብዬ ነበር እኮ።

የመንታ እናት
ከተኛልህና ሲነሳ ደግሞ አጨብጭብና «ወፌ ቆመች!» በለው። የኔዎቹ በጣም ይወዱታል።

ባለ ጋቢው
እህቴ፣ «ወፌ ቆመች» ገና መቆም ለሚለማመድ ሕፃን ነው። የሁለት ዓመት ከመንፈቅ ልጅ ይሮጣል።

የመንታ እናት
እሺ፣ ልክ ነህ፤ እኛ ቤት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሳንተወው ቀርተን ነው። ግን እስቲ «ሥርዓት ይከበር» ይመልስልኝ። ወንዱ ልጄ የቆመ ዕለትም «ቆመች» ነው ያልነው፣ ሴቷ የቆመች ዕለትም «ቆመች» ነው ያልነው። «ወፌ ቆመ» ሲል የሰማኸው ሰው አለ? ታዲያ ይህም ቋንቋ አበላሽ ነው?

ሥርዓት ይከበር
እሱ የተለመደ አባባል ነው፤ ወፏን ነው የሚያነሳው። በየቀኑ «ነይ፣ ብዪ፣ ጠጪ» ማለት ግን ሌላ ነው። በአቋሜ እጸናለሁ።

ጡረተኛዋ መምህር
የሚያስፈራህ ነገር ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም። መዋዕለ ሕፃናት ሳስተምር «አንቺ» እያሉ ወደ ጓደኞቻቸው የሚሮጡ ወንዶች ልጆች ይመጡልኝ ነበር። አብዛኞቹ ከእኩዮቻቸው ጋር ሲውሉ ራሳቸው አስተካከሉት፤ የዘገየም ነበር። እኔ የማሳስበው ሌላውን ጫፍ ነው። ልጁ ከፍ ካለ በኋላ በጓደኞቹ ፊት «ነይ» ብትለው ቁልምጫው ቀርቶ ስድብ ይሆንበታል። ስለዚህ እናቱ ቀስ በቀስ ለቤት ውስጥ ብቻ ታስቀረው። እሱ ግን የእናቱ ድርሻ ነው፤ ዛሬ እያለቀሰ ባለ ልጅ ላይ አይሠራም።

ከባሕር ማዶ
እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ አለኝ። ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ ምንም ብታደርግ «ጎበዝ» ከማለት ሌላ ቃል አይመጣልኝም። ጫማ አደረገች፣ «ጎበዝ»፤ በላች፣ «ጎበዝ»። አሁን ቃሉን ስትሰማ ዞር ብላም አታየኝም። ሌላ ምን ልበላት?

የመንታ እናት
እያንዳንዱን በቦታው ተጠቀሚበት። የታገለችበት ነገር ሲሳካላት «እሰይ!» በያት። ስትታዘዝሽ ወይም ዕቃ ስታቀብልሽ «እደጊ፣ ተመንደጊ» በያት፤ ይህ ምርቃት ስለሆነ ከሙገሳ ይለያል። አሁን እየሠራች ላለችው ነገር ደግሞ «ጎሽ፣ እንዲያ ነው» በያት። «ጎበዝ»ን ከበድ ላለው አስቀምጪው። ስትወድቅ ግን ሙገሳ አያስፈልግም፤ «እኔን!» ካልሻት በኋላ «አይዞሽ» ማለት ነው።

ጡረተኛዋ መምህር
ጥሩ ብለሻል። አጎትዬው፣ ይህ ላንተም ይጠቅምሃል፤ ልጁ ጋደም ሲልልህ ደስ ብሎህ «ጎበዝ!» ወይም «እሰይ!» እንዳትል። ከጭብጨባ ጋር የለመዳቸው ቃላት ስለሆኑ ተነስቶ ይቀመጥልሃል። በሹክሹክታ «ጎሽ የኔ ልጅ» ይበቃል። እናቱን ከጠራ «አይዞህ፣ አለሁልህ» በለው። «አሁን ትመጣለች» አትበል፤ አትመጣማ፣ እሱም በሩን እያየ ይጠብቃታል።

አጎት
ጋደም ብለናል። «እንተኛ» ስለው መጀመሪያ ትራሱን ለእኔ ሰጠኝና «ተኚ» አለኝ። አላረምኩትም። አሁን ጣቴን ይዞ ጣሪያውን እያየ ነው፤ ልቅሶው ቆሟል። ስልኬን በአንድ እጄ ነው የምጽፈው። እህቴ እስካሁን አልደወለችም። ማታም እዚህ የሚያድር ከሆነስ? ያንኑ ልድገምለት ወይስ ሌላ የሚባል አለ?

ዘንባባ
ስልኩን አስቀምጠው፤ ብርሃኑ ነው የሚያነቃው።

ጡረተኛዋ መምህር
ያንኑ ሐረግ ድገምለት፤ ማታ የሚጨመረው «ደህና እደር» ብቻ ነው። ከቻልክ እህትህ ስልኳን እንደከፈተች የምትለውን በድምፅ ቀድታ እንድትልክልህ ለምናት። የቤቱ ቃል ከእኔ ግምት ይበልጣል።

ከባሕር ማዶ
አንድ ነገር ልጨምር? የባለቤቴ እናት ደግሞ ልጄን «አንተ ጀግና፣ ና» ይሏታል። ሴት ልጅን በወንድ አንቀጽ መጥራትስ ቁልምጫ ነው?