ክዳኑ እየገጠመ ውሃ የማይዝ የእጅ መታጠቢያ ሲንክ

የተከበራችሁ የቧንቧ ሥራ ባለሙያዎች፣ የእጅ መታጠቢያ ሲንካችን ከቧንቧው ጀርባ ያለው ዘንግ ወደ ላይ ሲሳብ ክዳኑ ወርዶ ቢገጥምም፣ የሞላሁት ውሃ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ አልወረደ ይሆናል ብዬ፣ ከሥር ቀጥ ያለውን ዘንግ ከአግድሙ ጋር የሚያያይዘውን ብሎን አላልቼ አስተካከልሁ፤ የክዳኑንም ጎማ በአዲስ ቀየርሁ። ለውጥ አላየሁም። እንዲያውም ክዳኑን በእጄ አጥብቄ ብጫነውም ውሃው መቀነሱን አላቆመም፤ ከሲንኩ ሥር ግን አንድም ጠብታ የለም።

ግራ ያጋባኝ ይኸው ነው። ከሲንኩ ጠርዝ በታች ካለው የትርፍ ውሃ ቀዳዳ የሚነሳው መንገድ በሲንኩ አካል ውስጥ ወርዶ፣ ከክዳኑ በታች በማስወጫው ጎን ባሉት ክፍተቶች ወደ ፍሳሽ ቱቦው ይገባል። ስለዚህ ክዳኑ የሚያርፍበት የብረት ቀለበት ከሲንኩ ጋር የተያያዘበት ማሸጊያ ለቅቆ፣ ውሃው በቀለበቱ ሥር ሾልኮ በእነዚያው ክፍተቶች ሳይታይ እየሄደ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ሲንኩን ከግድግዳው ሳላወርድ፣ ሲፎኑንና ማስወጫውን ብቻ ፈትቼ ቀለበቱን በሲሊኮን እንደገና ማሸግ ይቻለኛል? ሲሊኮኑ የትርፍ ውሃውን መንገድ እንዳይደፍን መጠኑን እንዴት ልቆጣጠር?