አይቡፕሮፌኑ ላይ ሦስት ካርቦን የት ጠፋብኝ?

የጣና ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፣ ፋርማሲ ገና መጀመሬ ነው። የአይቡፕሮፌንን ሥዕል ደብተሬ ላይ ገልብጫለሁ። በግራ ጫፉ እንደ መንሽ የተከፈለ ዚግዛግ አለ። መሃሉ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት ነው። በቀኝ O እና OH አሉ። ፎርሙላው C13H18O2 ነው ይላል። እኔ ማዕዘኖቹን ስቆጥር 10 ካርቦን ብቻ አገኛለሁ። ሃይድሮጂንማ OH ላይ ካለችው አንዷ በቀር አላየሁም። ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ላይ ከመስመሮቹ አንዱ ጥቁር ሽብልቅ ሆኗል። ምንድን ነው እሱ? ሐሙስ ኩዊዝ አለን።

ላብ ኮት
ማዕዘኖቹን በትክክል ቆጥረሻል እህቴ። የቀሩሽ ጫፎቹ ናቸው። ምንም ፊደል ሳይጻፍበት ባዶውን የሚያልቅ መስመር ጫፉ ላይ ካርቦን አለ። መንሹ ሁለት ጥርስ አለው፣ ሁለት ካርቦን። በቀኝ በኩል ከቀለበቱ ቀጥሎ ካለው ማዕዘን የወጣች አጭር ባዶ መስመር አለች፣ አንድ ካርቦን። ሦስቱ ተገኙ።

ሃይድሮጂኖቹ ሆን ተብለው ነው ያልተሳሉት። ካርቦን አራት እጅ አለው በይ። በሥዕሉ ላይ የተያዙትን እጆች ትቆጥሪያለሽ፣ የቀረው ሁሉ ሃይድሮጂን ይዟል። ድርብ መስመር ሁለት እጅ ይይዛል።

ከግራ እንጀምር። የመንሹ ሁለት ጥርሶች እያንዳንዳቸው አንድ መስመር ብቻ ነክቷቸዋል፣ ስለዚህ ሦስት ሦስት ሃይድሮጂን፣ 6። መክፈያው ላይ ያለው ካርቦን ሦስት መስመር ስላለው 1። ቀጥሎ ከቀለበቱ ጋር የሚያገናኘው ሁለት መስመር ስላለው 2። እስካሁን 9።

ቀለበቱ ላይ ተጠንቀቂ፣ ብዙ ሰው እዚህ ነው የሚሳሳተው። እያንዳንዱ ማዕዘን በአንድ ጎኑ ነጠላ፣ በሌላው ድርብ መስመር አለው፣ ሦስት እጅ ተያዘ ማለት ነው። ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ማዕዘኖች ደግሞ ወደ ውጭ መስመር ወጥቷል፣ አራቱም እጃቸው ሞላ፣ ሃይድሮጂን የላቸውም። የቀሩት አራት ማዕዘኖች አንድ አንድ አላቸው። 13 ደረስን።

ከቀለበቱ በስተቀኝ ያለው ማዕዘን 1፣ ከእሱ የወጣችው ጫፍ 3። 17። ሁለቱን ኦክስጅን የያዘው ካርቦን በድርብ መስመር ምክንያት ሞልቷል፣ ምንም የለውም። ራስሽ ያየሻት የ OH ሃይድሮጂን ስትጨመር 18።

ሰባታሚት
ቀለበቱ ውስጥ ከሦስቱ ድርብ መስመሮች ይልቅ ክብ ቢሳል አትደናገጪ፣ ያው ነገር ነው። ሽብልቁ ደግሞ ጠንካራ ቦንድ ማለት ነው። ወፍራም ስለሆነ በቀላሉ አይበጠስም። የተቆራረጠው መስመር ደካማው ነው። እኛ እንደዚያ ነው የተማርነው።

ደሴት
አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ እንዳትወስጂው! እኔ ወስጄው ጨጓራዬን ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥለኝ አደረ።

የጣና ልጅ
@ደሴት ኧረ አልወሰድኩትም፣ እየሳልኩት ነው 😅

ጡረተኛው መምህር
ሰባታሚት ልጄ፣ ስለ ክቡ ልክ ብለሃል። ስለ ሽብልቁ ግን አይደለም። የመስመሩ ውፍረት ስለ ጥንካሬ ምንም አይናገርም። ሽብልቁም፣ ቁርጥራጩም፣ ተራውም መስመር እኩል ነጠላ ቦንድ ናቸው። የሚነግሩን አቅጣጫን ነው። ወረቀት ጠፍጣፋ ነው፣ ሞለኪውል ግን አይደለም። ጥቁሩ ሽብልቅ ቀጭን ጫፉ ካለበት ካርቦን ተነስቶ ወደ አንቺ ይመጣል። የተቆራረጠው ከወረቀቱ ጀርባ ይሄዳል። ተራው መስመር ወረቀቱ ላይ ይተኛል።

የጣና ልጅ፣ ያንቺ ሽብልቅ የሚነሳው ከቀለበቱ በስተቀኝ ካለው ማዕዘን መሆን አለበት። ያ ካርቦን አራት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል፦ ቀለበቱን፣ O እና OH ያሉበትን የአሲዱን ክፍል፣ CH3ን እና ያልተሳለ ሃይድሮጂን። CH3 በሽብልቅ ወደ ፊት ከመጣ፣ ያ ሃይድሮጂን ወደ ኋላ ነው ያለው፣ ማንም ባይስለውም።

ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ እንዳትዪ፣ ወጥ ቤት ግቢ። ሁለት ድንችና ስምንት ስቲኪኒ ውሰጂ። በየድንቹ ሦስቱን እንደ ጉልቻ ወደ ታች ክፈቺ፣ አራተኛውን ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ሰኪ። ላይኛው ጫፍ ላይ ቲማቲም፣ ታች ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ሎሚ አድርጊ። በሁለተኛው ድንች ላይ ቃሪያውንና ሎሚውን ብቻ አቀያይሪ። ከዚያ አንዱን ከሌላው ጋር ለማመሳሰል እንደፈለግሽ አዟዙሪው። እንቢ ይላል። እንደ ግራና ቀኝ እጅ ናቸው። ከሁለቱ የአይቡፕሮፌን ዓይነቶች በዋናነት ሕመም የሚያስታግሰው አንዱ ነው። ተራው ክኒን ውስጥ ግን ሁለቱም ግማሽ በግማሽ አሉ፣ ሰውነታችንም ከሌላኛው የተወሰነውን ወደሚሠራው ይቀይረዋል። አንዱ መጽሐፍሽ ሽብልቅ ሳያደርግ ተራ መስመር የሳለው ለዚህ ይመስለኛል፣ ድብልቁን ማለቱ ነው።

ዘጌ ቡና
እኔም ልጠይቅ። በእኛ ቡና ስም ካፌይንን ልሳል ብዬ ጀምሬ ተስፋ ቆረጥኩ። ማዕዘንና ባዶ ጫፍ ስቆጥር 12 ካርቦን ይመጣል። ፎርሙላው C8H10N4O2 ነው። ጫፎቹን አልረሳሁም እኮ!

ላብ ኮት
አንተ ደግሞ አበዛኸው። N የተጻፈበት ማዕዘን ናይትሮጂን ነው እንጂ ካርቦን አይደለም፣ ፊደሉ ቦታውን ወስዶበታል። አራት N አሉ፣ ከ12 ቀንስ። የናይትሮጂን እጅ ደግሞ ሦስት ነው። ካፌይን ላይ አራቱም ስለሞሉ ሃይድሮጂን አትጨምርባቸው። ፊደል ከተጻፈ ሃይድሮጂኑም አብሮ ይጻፋል፣ ልክ እንደ OH።

የጣና ልጅ
18 ወጣልኝ! ድንቹንም ሠራሁት፣ እማዬ ሽንኩርቴን አበላሸሽው ብላ ተቆጣች። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ሥዕሉን ግራና ቀኙን ገልብጬ፣ አሲዱን ወደ ግራ አምጥቼ ሳልኩት። ሽብልቁን እንደነበረ ጥቁር ተውኩት። ያው ሞለኪውል ነው አይደል?

ጡረተኛው መምህር
አይደለም ልጄ፣ ሌላኛውን ድንች ሳልሽ። የመጀመሪያውን ሥዕል በስስ ወረቀት ላይ አድርጊና ገልብጠሽ በመስኮት ብርሃን ከጀርባው እዪው። ግራና ቀኙ ተቀያየረ። ግን ቀድሞ ወደ አንቺ የመጣው አሁን ከአንቺ ይርቃል። ስለዚህ ስትገለብጪ ጥቁሩ ሽብልቅ የተቆራረጠ መሆን ነበረበት። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ሳታነሺ ብታሽከረክሪው ግን ሽብልቁ አይነካም።

የጣና ልጅ
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ መምህር። የመጨረሻ፦ ክፍል ውስጥ በቾክ የተሳለው ከዳር እስከ ዳር እኩል ወፍራም ነበር፣ ቀጭን ጫፍ የለውም። ከየትኛው ካርቦን እንደተነሳ እንዴት ይታወቃል?

ሰባታሚት
ቾኩ ደንዝዞ ነዋ 😂

ላብ ኮት
አራት የተለያየ ነገር የያዘውን ካርቦን ፈልጊ፣ አይቡፕሮፌን ላይ አንድ ብቻ ስለሆነ ከዚያ ተነሳ ብለሽ ውሰጂው።

ጡረተኛው መምህር
እዚህ ይሠራል። እንዲህ ያሉ ሁለት ካርቦኖች ጎን ለጎን ሆነው መሃላቸው እኩል ወፍራም መስመር ካለ ግን እኔም አልገምትም። የሳለውን ሰው ጠይቂ።